አደራ የተቀበለ ጆሮ

በዚህ ዘመን በከተሞቻችን ወጣቶች ዘንድ በእርግጠኝነት ሲነገር የምሰማው አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም፤ «ጓደኛህ ልቡ ወደ ሴት ሳይሆን ወደ ወንድ እንደሚያዘነብል ቢነግርህ፣ እውነተኛ ወዳጁ ከሆንህ ዝም አትበል፤ ሳይውል ሳያድር ለቤተ ሰቡ ንገርለት፤ እነርሱ ያድኑታል» የሚል ነው። ሮቤ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ይህንኑ ቃል አንድ የተማረ ሰው ሲናገር፣ በዙሪያው የተቀመጡት ወጣቶች ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲቀበሉት አየሁ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ሻዩን ሳይጠጣ ብርጭቆውን በጣቱ ያዞር ነበር። ያ ልጅ ምን ያስብ እንደ ነበረ አላውቅም። ዳሩ ግን ተናጋሪው፣ እንዲህ ያለ ምሥጢር በልቡ የያዘ ሰው በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ሊሆን እንደሚችል አንድ ጊዜም ያሰበ አልመሰለኝም።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ እኔ ይህን ምክር ክፉ ምክር ነው እላለሁ። የወዳጅነት መልክ ቢኖረውም ውስጡ ክሕደት ነው። ስለዚህ ነገር የምጽፈው፣ ስለ ወንድና ስለ ሴት ፍቅር ሃይማኖት ምን ይላል የሚለውን ክርክር ለመክፈት አይደለም፤ እርሱን የሚከራከሩበት ሌሎች አሉ። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰና ከዚያ ይልቅ አስቸኳይ ነው። አንድ ሰው ይህን ምሥጢር በጆሮህ ባኖረ ጊዜ፣ በዚያች ሰዓትና ከዚያች ሰዓት በኋላ ምን ትለዋለህ? ምንስ ከማለት ትቈጠባለህ?

አስቀድሞ ነገሩ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው እንዲህ ያለውን ቃል በድንገት አይናገርም። ከመናገሩ በፊት ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይመዝንሃል። በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጥህም በቀላል ነገር ነው። ስልኩን እያየ «ይህን ሰውዬ እንዲህ ብለው ሰደቡት፤ አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ እንደ ዋዛ ይጠይቅሃል። ወይም «አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ነው አሉ» ይልና ዓይንህን ያያል። በዚያ ጊዜ አንተ ከሌሎቹ ጋር ሆነህ የተለመደውን የስድብ ቃል ብትወረውር፣ ለማታውቀው ሰው የወረወርህ ይመስልሃል፤ የተመታው ግን ከአጠገብህ የተቀመጠው ነው። መልስህን ሰጥተሃል ማለት ነው፤ እርሱም ሁለተኛ አይጠይቅህም። ስለዚህ መልካም አቀባበል የሚጀምረው ምሥጢሩ ከመነገሩ በፊት፣ በቀልዱ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት «ተወው፤ የሰው ልጅ ነው፤ ምን አደረገን?» ያለ ወጣት ምንም ትልቅ ነገር የተናገረ ሳይመስለው ለአንድ ሰው በር ከፍቷል።

እንግዲህ ስለ አገራችን ልናገር። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ብትሳፈር ከተሳፋሪዎቹ ሦስቱ አንተን፣ አራቱ አባትህን ያውቃሉ። በአማርኛ ሹክ ብትል የሚሰማ አለ፤ በኦሮምኛ ብታደርገውም የሚሰማው ይበዛ እንደሆነ እንጂ አያንስም። ከሳነቴ የሚወርደው ብርድ ሰውን ሁሉ ወደ ቤትና ወደ ቡና ሰብስቦ ያስቀምጠዋል፤ በቡና ላይ ደግሞ ወሬ አይጠፋም። በአዲስ አበባ ሰፈር ለውጦ መኖር ይቻል ይሆናል። በባሌ ደጋ ግን ስሙ የጠፋ ልጅ የሚሸሸው ወደ ሌላ ሰፈር አይደለም፤ አገሩን ለቆ ነው። የሚተወውም ቤቱን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱን፣ የእናቱን ማዕድ፣ በለቅሶና በሠርግ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ነው። ጓደኛህ ይህን ሁሉ ቈጥሮ፣ አውቆ፣ ግን መሸከሙ ስለ ከበደው ነው ወደ አንተ የመጣው።

ይህን የምለው በመላ ምት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ቲክቶክ በሚባለው የስልክ መድረክ ላይ የሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እያወጡ «እንዲህ ናቸው» እያሉ የሚያሳድዱ ሰዎች ተነሥተው ነበር። በዚያው ወር የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ይህ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወሰድ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰው ፎቶግራፍና የአንድ መስመር ጽሑፍ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ አላየሁም የሚል የለም። በዚያ ክረምት ለአንዳንዶቹ አሳዳጆች ፎቶግራፉን የሰጣቸው ማን ይመስልሃል? ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄደው በመጀመሪያ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

«ሕጉስ?» የሚል አለ። አዎን፤ ሕጉን በሚገባ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ሰምተው ዝም ማለት ራሱ ወንጀል ነው ብለው ይፈራሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ629ኛው አንቀጹ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት በቀላል እስራት ይቀጣል፤ በሚቀጥለው አንቀጽ የተዘረዘሩት ከባድ ሁኔታዎች ሲጨመሩበትም ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጉ አዲስም አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በ600ኛው አንቀጹ ይህንኑ ያነሣ ነበር። (ነገሩ ትናንት በቱሪስት ሻንጣ ገባ የሚሉ ሰዎች ይህችን ቁጥር ቢያስቧት መልካም ነው።) ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። በልቡ እንዲህ ያለ ስሜት እንዳለ ለወዳጁ የተናገረ ሰው፣ በመናገሩ የፈጸመው ወንጀል የለም። ሰሚውም ቢሆን ለፖሊስ የማመልከት ግዴታ የለበትም። ወንጀልን ያላስታወቀውን ሰው የሚቀጣው 443ኛው አንቀጽ የሚመለከተው ሞትን ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራትን የሚያስከትሉትን ወንጀሎች፣ እንዲሁም እንደ አገር መከላከያ ባሉ ጉዳዮች ላይ ሕግ ለይቶ ያስቀመጣቸውን ነው። የጓደኛህ ምሥጢር ከነዚህ አንዱም አይደለም። እንግዲህ «ሕግ አስገድዶኝ ነው» ብሎ ምሥጢር የሚያወጣ ሰው በሕጉ እያመካኘ ነው።

አሁን ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሁለት ወጣቶች በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ እንበል። አንደኛው የጎባ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ከሌላ አገር መጥቶ ሮቤ ቤት ተከራይቷል። ሦስት ዓመት አብረው በልተዋል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጥተው በስንዴው ማሳ ዳር ሲሄዱ፣ የጎባው ልጅ ይቆምና፤ «አንድ ነገር ልነግርህ ነበር፤ ግን ትጠላኛለህ ብዬ ፈራሁ» ይላል። ከዚያም ዝም ይላል። ከዚያም ይናገራል።

ሰሚው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነገር እግሩን ማቆም ነው፤ ወይም አብሮት እየተራመደ መቀጠል። ምንም ቢሆን ፈቀቅ አይልም። ተናጋሪው በዚያች ደቂቃ የሚያየው የሰሚውን ፊትና እርምጃ ነውና፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ከረጅም ስድብ ይበልጣል። የልማዱን ያህል ቅርብ ይሁን፤ ትከሻውን ይዞ የመሄድ ልማድ ካላቸው ይያዘው። ቀጥሎ የሚናገረው ቃል አጭር ቢሆን ይሻላል። «ስለ ነገርኸኝ አመሰግናለሁ። ይህን ብቻህን መሸከም ከባድ ነበር። እኔ ትናንት የነበርሁት ነኝ፤ አንተም ለእኔ ትናንት የነበርኸው ነህ» ቢል ይበቃል። ከዚህ በላይ የተዋበ ንግግር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ንግግር ሲበዛ ተናጋሪው ሰሚውን ማጽናናት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው።

ሰሚው ቢደነግጥስ? መደንገጥ ኃጢአት አይደለም። የማያውቀውን ነገር ሰምቷልና፤ «ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ ምን እንደምል በሚገባ አላውቅም፤ የትም ግን አልሄድም» ቢል እውነት ነው፤ እውነቱም ያሳርፋል። የማይረዳውን ተረድቻለሁ ከሚል የውሸት ፈገግታ ይህ ይሻላል።

ሁለተኛው ቃል ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ይህ ነው። «ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አለ? ሰው ስላንተ ቢጠይቀኝ ምን እንድል ትፈልጋለህ?» አንባቢዬ ሆይ፤ በእኔ አስተያየት ከጽሑፌ ሁሉ በልብህ መያዝ ያለብህ ይህን ጥያቄ ነው። ምክንያቱም ምሥጢሩ የተናጋሪው ንብረት መሆኑን ሳትሰብክ ታረጋግጥለታለህ። ለማን እንደሚነገር፣ መቼ እንደሚነገር፣ ከቶም ይነገር እንደሆነ የሚወስነው እርሱ ነው። የጎባው ልጅ «አንተ ብቻ ነህ» ካለ፣ ሰሚው ብቻውን ነው ማለት ነው፤ «እኅቴ ታውቃለች» ካለ ደግሞ የሚያማክረው ሁለተኛ ሰው እንዳለ ዐወቀ።

ከዚያ በኋላ ያድምጥ። ስለ ራሱ የሚጠራበትን ቃል ከአፉ ይቀበል። በአገራችን እንዲህ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» የሚለውን ቃል እንደ ምልክት ይጠቀሙበታል፤ ሌላው በዚህ ቃል መጠራትን አይወድ ይሆናል፤ ከቶ ስም ሊሰጠው ያልፈለገም አለ። ቃል አታቀብለው፤ የሰጠህን ያዝ።

የማይባለውስ? ብዙ ነው፤ እኔ ግን ዘወትር ከምሰማቸው ጥቂቱን ላንሣ።

አንደኛው «ማን አበላሸህ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በውስጡ ፍርድ አለበት። ተናጋሪው ስለ ስሜቱ ሲነግርህ፣ አንተ ወንጀለኛ ፍለጋ ወጣህ። በእርግጥ በልጅነቱ የተደፈረ ሰው አለ፤ ያ ከባድ በደል ነው፤ ራሱ ካነሣው በሙሉ ልብ መስማት ይገባል። ነገር ግን መደፈር ሌላ፣ የፍቅር ዝንባሌ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ያልተደፈረውን ይሰድባል፤ የተደፈረውንም ዝም ያሰኘዋል።

ሌላው «እኔን ግን እንዳታስበኝ!» የሚለው ቀልድ ነው። ይህን የሚል ወጣት ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ፍርሃቱን በሳቅ ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ሦስት ዓመት አብሮ የበላ ወንድሙን በአንድ ቃል ከወንድምነት ወደ አዳኝነት ለወጠው። አንተ ሴቶችን የምትወድ ብትሆን በመንገድ የምታገኛትን ሴት ሁሉ ትመኛለህን? እርሱም እንዲሁ ነው።

«እርግጠኛ ነህ? ያልፍልሃል» የሚለው ደግሞ የዋህ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «አላምንህም» ነው። ዓመታት ሙሉ ራሱን ሲጠይቅ የኖረን ሰው አንተ በአምስት ደቂቃ ልታስጠይቀው ነው።

ከሁሉ ይልቅ በሰፊው ልቆምበት የምፈልገው ግን «ሚስት አግባ፤ ይለቅሃል» የሚለው ምክር ነው። በአገራችን ሽማግሌውም፣ እናትም፣ ጓደኛም በቅን ልብ የሚሰጡት ምክር ይህ ነው። ይህን መድኃኒት የሚያዙ ሰዎች መድኃኒቱ ሰው መሆኗን ይረሳሉ። ከአጋርፋ ወይም ከዲንሾ የመጣች፣ ምንም የማታውቅ ልጃገረድ፣ ባሏ ለምን እንደማይቀርባት ሳታውቅ ጥፋቱን በራሷ መልክና በራሷ ጠባይ ላይ እየፈለገች ስታረጅ ማን ይጠየቅላታል? ለእርሷ የሚቆምላት መካሪ አልነበረም። ጋብቻ ዝንባሌን አይለውጥም። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ ዝንባሌን በሕክምና መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ ጽኑ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም፤ እንለውጣለን የሚሉትም ሙከራዎች ሊጎዱ ይችላሉ ብሏል። እንግዲህ ሐኪም ያልቻለውን ነገር አንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ እንድትችል መላክ ምን ዓይነት ጥበብ ነው? በሴቶች በኩል ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ለጓደኛዋ «እኔ ወንድ አልወድም» ያለች ልጅ ነገሩ ለቤተ ሰቧ ቢደርስ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ሳትጠየቅ ልትዳር ትችላለች። ጓደኛዋ «ለእሷ ብዬ ነው የነገርሁት» ብትልም፣ ሠርጉ ላይ እልል የምትለው እርሷው ናት።

እዚህ ላይ አንድ ሃይማኖተኛ አንባቢ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «እኔ ይህን በእምነቴ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዝም ብል ያመንሁበትን መካድ አይሆንብኝምን?» ጥያቄው ቅን ነውና በቅንነት ልመልስ። ማንም እምነትህን እንድትጥል አልጠየቀህም። ጓደኛህ በሃይማኖትህ ምን እንደምታምን ያውቃል፤ በአንድ ከተማ አድጋችኋል፤ እርሱም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ወይም በዚያው መስጊድ ያደገ ነው። ስብከቱን ከአንተ በፊት ለራሱ ሺህ ጊዜ ሰብኳል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ብትደግምለት አዲስ ነገር አታስተምረውም፤ የምትነግረው ከጎኑ እንደሌለህ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ራሱ «አንተ በእምነትህ ምን ትላለህ?» ብሎ ቢጠይቅህ፣ ያን ጊዜ ሳትዋሽ፣ ሳትሳደብ የምታምነውን ንገረው፤ «ይህን ባምንም ወንድሜ ነህ» በለው። ደግሞም አደራን መጠበቅ ከሃይማኖትህ ውጭ አይደለም። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱ የሰማውን እንዳያወጣ ይታመናል፤ ሙስሊሙም አማናን መብላት ከባድ ኃጢአት መሆኑን ከልጅነቱ ተምሯል። ለካህን የሚከለከለው ነገር ለጓደኛ እንዴት ተፈቀደ?

በሌላው ጫፍ ያሉትንም ሳልነካ አላልፍም። በውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሚጽፉትን እያነበበ፣ ጓደኛው ምሥጢሩን በነገረው ማግስት «ነጻ ውጣ! ለእናትህ ንገራት! አትደበቅ!» የሚል ወጣት አለ። ይህም ያንኑ ስሕተት በሌላ ልብስ ነው፤ የሰውን ምሥጢር ያለ ፈቃዱ ያዝዝበታል። በሌላ አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ምክር፣ ከአባቱ ቤት ሌላ ማደሪያ ለሌለው፣ የትምህርት ገንዘቡንም ከአባቱ ለሚቀበል የጎባ ልጅ አይሆንም። ምናልባት ጓደኛህ አንድ ቀን ለእናቱ ይነግራት ይሆናል። ያን ቀን ካማከረህ፣ ድፍረቱን ከማወደስ ይልቅ፤ «ከቤት ብትባረር የት ታድራለህ? ስንት ወር የሚያቆይህ ገንዘብ አለህ? ከዘመድ የሚራራልህ ማን ነው?» ብለህ ጠይቀው። ለነዚህ መልስ ከሌለው፣ ነገሩን ማቆየት ፍርሃት አይባልም።

ምሥጢር የሚወጣበት መንገድ በአብዛኛው ክፋት አይደለም። «ለአንድ ለማምነው ሰው ብቻ ነገርሁ» የሚል ነው። አስበው። አንተ ጓደኛህን ስለምትወደው ተጠንቅቀህ ትናገራለህ። የነገርኸው ሰው አንተን ስለሚያከብር ይጠነቀቃል። እርሱ የሚነግረው ሦስተኛው ሰው ግን ጓደኛህን ከቶ አያውቀውም፤ ለእርሱ ወሬ ነው። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው ያሉት አባቶች ስልክን ሳያዩ ነው። ስለዚህ ከጓደኛህ ጋር ስለዚህ ጉዳይ በጽሑፍ አትነጋገር፤ የላከልህም ካለ አታስቀምጠው። የስልክህን መክፈቻ ታናሽ ወንድምህ ያውቀዋል፤ ስልክ ይጠፋል፤ ለጥገናም ይሰጣል። ልብህ ቢከብድህና ማማከር ቢያምርህ፣ ከተማውን፣ ትምህርት ክፍሉን፣ ዘመኑን ሳትጠራ ማማከር ትችላለህ ብለህ አትመን፤ በሮቤ «አንድ ጓደኛዬ» ካልህ ጓደኞችህ የሚቈጠሩ ናቸው። ጓደኛህን ራሱን «ለእገሌ ላማክር ትፈቅዳለህ?» ብለህ ጠይቀው።

ምናልባት ነገሩ በሌላ በኩል ወጥቶ እንደሆነና ወሬው ጆሮህ ከደረሰ፣ በዚያው ቀን ለጓደኛህ ንገረው፤ እንዳይጨነቅ ብለህ አትደብቅበት። ከገበያ ከሚሰማው ከአንተ ቢሰማው ይሻላል፤ የሚያዘጋጀውም ነገር ይኖረዋል። «ብር ካልሰጠኸኝ ለአባትህ እናገራለሁ» የሚል ሰው ተነሥቶበት እንደሆነም፣ ብቻውን ሄዶ እንዳያገኘው ከልክለው። በዚህ ዓይነት ዛቻ የተከፈለ የመጀመሪያ ብር ሁለተኛውን ይጠራል፤ ዛቻው ራሱም በሕግ የተከለከለ ወንጀል ነው። ወደ ፖሊስ መሄድ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ራሱን የቻለ አደጋ ስላለበት፣ ያንንም የሚወስነው እርሱ ነው።

ዝምታህ የማይጠቅምበት አንድ ጊዜ ብቻ አለ። ጓደኛህ «መሞት ይሻለኛል» ወይም «ብጠፋ ሁሉም ያርፋል» ያለ እንደሆነ፣ ቃሉን እንደ ምሬት አትለፈው። ፊት ለፊት፤ «ራስህን ለመግደል አስበሃልን?» ብለህ ጠይቀው። ብዙ ሰው ይህን ብጠይቅ ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብሎ ይፈራል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ፣ ይልቁንም ጭንቀትን እንደሚያቀል ያስረዳል። «አዎን» ካለ ብቻውን አይደር። የእኛ አገር የስንዴና የገብስ አገር ነውና በየቤቱ የአረምና የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ተቀምጦ ይገኛል፤ ያ ከእጁ ይራቅ። በዚህ ጊዜ ለሌላ ሰው መንገር ግድ ይሆናል፤ ነገር ግን የምትናገረው አደጋውን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ለታላቅ እኅቱ፤ «እቴ፣ ወንድምሽ በጣም ተክዟል፤ ሞትን ሲያነሣ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ አጠገቡ ሁኚ፤ መድኃኒቱንም ቆልፊበት» ማለት ይበቃል። «ምን ሆኖ ነው?» ብትል፤ «እርሱን ራሱ ይንገርሽ፤ አሁን ዋናው ብቻውን አለመሆኑ ነው» በላት። ጎባ ሆስፒታል ብትወስዱትም ለሐኪሙ ምን ያህል እንደሚናገር የሚመርጠው በሽተኛው ነው፤ ሐኪም የሙያ ምሥጢሩን ቢያወጣ በወንጀል ሕጉ 399ኛ አንቀጽ እንደሚጠየቅ ግን ንገረው።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሰኞ ይመጣል። ብዙ መልካም ሰሚዎች የሚስቱት በዚህ ቀን ነው። እሑድ አለቀሱ፣ ተቃቀፉ፣ ሰኞ ግን ስለ ሌላ ነገር መነጋገር አቃታቸው። አንዱ ይራራል፤ ሌላው መታዘኑ ያሳፍረዋል። ወይም ሰሚው ሰው ያየናል ብሎ አብሮ መቀመጥን ቀስ በቀስ ይተዋል። ጓደኛህ ሰኞ የሚፈልገው የቀድሞውን ነገር ነው፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ማውራት፣ እንደ ቀድሞው መሰዳደብ። በየቀኑ «እንዴት ነህ? ያ ነገርስ?» ብለህ አትጠይቀው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፤ «ስለዚያ ጉዳይ ማውራት ከፈለግህ አለሁ» ብትለው፣ በሩ ያልተዘጋ መሆኑን ያውቃል።

ጥቂት ወራት ያልፉና ጥያቄው ወደ አንተ ይመጣል። የጓደኛህ አክስት በጎባ ገበያ ስንዴ ስትሸጥ ታገኝሃለች። «ልጄ፣ ያ ጓደኛህ ለምን ሴት አያይም? ዕድሜው እኮ ሄደ! አንተ የማታውቀው ነገር የለም» ትልሃለች። ያን ጊዜ ፊትህ አይለወጥ፤ ረጅም ታሪክም አትፍጠር፤ ረጅም ውሸት ነገ ይረሳል፤ አጭር መልስ ግን አይረሳም። «እማማ፣ እርሱ ትምህርቱን ልጨርስ ይላል፤ እኔም ገና አላገባሁ፤ ይልቅስ ስንዴው በስንት ገባ?» በላት።